የክሊኒክ ቀጠሮ ዌብሳይት ፕሮፎርማ፦ ከሦስቱ አማራጮች የትኛው ይሻላል?

አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ዌብሳይት ለማሠራት ሦስት ሰው ፕሮፎርማ ቢጠይቅ፣ የሚመጡት ዋጋዎች ጨርሶ አይቀራረቡም። አንዱ 24,000 ብር ይላል። ሌላው 48,000። ሦስተኛው 132,000። ሦስቱም ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን ያው ነው፦ «የቀጠሮ ዌብሳይት»። ባለቤቱ በምን ይምረጥ? ወይ ርካሹን ያነሳል፣ ወይ ደግሞ «መሃለኛው ይሻላል» ብሎ ያልፋል።

እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ዌብሳይት የምሠራ ፍሪላንሰር ነኝ። እንዲህ ዓይነት ፕሮፎርማ ስጽፍ የኖርኩት ከሻጩ ወንበር ሆኜ ነው። ይህን ጽሑፍ ግን ከገዢው ወንበር ሆኜ ነው የምጽፈው። ሦስቱ ዋጋዎች የሦስት የተለያዩ ሥራዎች ዋጋ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ ዋጋው ላይ ሳይሆን ከዋጋው በፊት ባለው የሥራ ዝርዝር ላይ ነው።

አንድ ክሊኒክ እንደ ምሳሌ እንያዝ። ባለፈው ዓመት ፕሮፎርማ ያስገባሁለት ክሊኒክ ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም በየቀኑ ይሠራል። የሕፃናት ሐኪም ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ትመጣለች። የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ካርድ ታወጣለች፣ ብር ትቀበላለች፣ ስልክ ታነሳለች። ቀጠሮ የሚጻፈው ትልቅ አጀንዳ ላይ ነው። ባለቤቱ ዶክተር የጠየቁኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ሰው በስልኩ ቀጠሮ ይያዝ፤ ስንት ትለኛለህ?»

እኔም ዋጋ ከመጥራቴ በፊት ሁለት ቀን ካርድ ክፍሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚህ በታች ያሉት መስፈርቶች የመጡት ከዚያ ነው።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

*ቀጠሮውን የሚያጸድቀው ማነው?*

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ታካሚው ስልኩ ላይ ሲነካ ቀጠሮው ያኔውኑ ይያዛል? ወይስ ጥያቄ ብቻ ይደርስና ካርድ ክፍሏ ደውላ «እሺ፣ ሐሙስ ጠዋት ይምጡ» ትላለች? የመጀመሪያው ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ዌብሳይቱ ክሊኒኩ ውስጥ ያለውን ተራ ማወቅ አለበት።

ችግሩ የት እንዳለ ልንገራችሁ። እዚያ በተቀመጥኩባቸው ሁለት ቀናት ከመጡት ታካሚዎች አብዛኞቹ ቀጠሮ አልነበራቸውም። በእግራቸው ገብተው ካርድ ያወጡ ናቸው። ዌብሳይቱ እነሱን አያያቸውም። ለእሱ 4:00 ሰዓት ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ግን ሰው ተቀምጧል። ቀጠሮ የያዘው ሰው መጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ከጠበቀ፣ ቀጠሮው ከመጀመሪያው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ የሚያጸድቅ ከሆነ፣ ካርድ ክፍሏ በእግሩ የሚመጣውንም ታካሚ በሙሉ እዚያው ሲስተም ላይ መመዝገብ አለባት። አለዚያ የቀኑ ሰዓት ለሁለት መከፈል አለበት፤ ይህን ያህል ለዌብሳይት፣ ይህን ያህል በእግሩ ለሚመጣ።

ክፍፍሉን በቁጥር እንየው። የሕፃናት ሐኪሟ ከ2:30 እስከ 6:00 ትሠራለች። ይህ 210 ደቂቃ ነው። ለአንድ ልጅ 20 ደቂቃ ከተሰጠ 10 ሰው ይወጣዋል፤ 10 ደቂቃም ይተርፋል። ከአሥሩ አራቱን ብቻ ለዌብሳይት ብንከፍት፣ ስድስቱ በእግሩ ለሚመጣ ይቀራሉ። ፕሮፎርማው ላይ «በቀን ለእያንዳንዱ ሐኪም ለኦንላይን የሚከፈተውን ብዛት ክሊኒኩ ራሱ መቀየር ይችላል» የሚል መስመር ከሌለ፣ አሥሩም ይከፈታሉ።

ሌላም የአገራችን ነገር አለ። ከመሐል ሜዳ ሌሊት ተነስቶ የሚመጣ ሰው 3:20 ላይ ድረስ ቢሉት አይችልም። መኪናው ሲሞላ ነው የሚነሳው። ከአንኮበርም፣ ከሰላ ድንጋይም እንደዚያው። ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ የሚሻለው «ሐሙስ ጠዋት፣ ተራ ቁጥር 3» ነው። በግማሽ ቀንና በተራ ቁጥር የሚሠራ ቀጠሮ ከደቂቃው ቀጠሮ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ሰውም ይገባዋል። ፕሮፎርማ የሚያስገባው ሰው ይህን ካልጠየቃችሁ ሥራውን አላየውም።

*ቀኑና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?*

ይህን መስፈርት የተማርኩት ሰው አስቸግሬ ነው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ክሊኒክ በሠራሁት ገጽ ላይ የገጠምኩት ፕለጊን፣ ማለትም ዝግጁ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ «9:00» ብሎ ጻፈ። እኔ ትርጉሙን አማርኛ አድርጌ ሰዓቱን ግን እንዳለ ትቼው ነበር። አንዲት እናት ከጫጫ ልጇን አዝላ 9 ሰዓት ላይ ደረሰች። ሐኪሟ በ6 ሰዓት ሄዳ ነበር። እናትየዋ ስልኳን አውጥታ አሳየችን። 9:00 ይላል፤ ልክ ነበረች። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ስለ ሰዓት አንድም መስመር አልጻፍኩም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ በማስገባው ፕሮፎርማ ሁሉ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ለታካሚ የሚታይ ቀንና ሰዓት በሙሉ፣ በስልክ መልእክት የሚላከውም ጭምር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሆናል። ምሳሌ፦ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት።» ምሳሌው የግድ መጻፍ አለበት። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብቻ ከተባለ አንዳንዱ ቀኑን ቀይሮ ሰዓቱን ይረሳዋል።

ለምን እንደሚረሳ ሠሪዎች ቢያዩት ጥሩ ነው። ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ያውቃሉ። ይህ ኮድ ጥር 4 ቀን 2018ን ያወጣል፦

```
const d = new Date('2026-01-12T09:00:00+03:00');
new Intl.DateTimeFormat('am-ET-u-ca-ethiopic', {
  dateStyle: 'long', timeZone: 'Africa/Addis_Ababa'
}).format(d);
```

ሰዓቱን ግን አይቀይረውም። 9ን ወደ 3 የሚቀይር መስመር ለብቻው መጻፍ አለበት፦

```
const habeshaHour = (h + 18) % 12 || 12;
```

ሥራው ትንሽ ነው። የሚያስቸግረው ቦታው ብዙ መሆኑ ነው። ገጹ ላይ፣ ማረጋገጫው ላይ፣ አጭር መልእክቱ ላይ፣ ካርድ ክፍሏ የምታየው ዝርዝር ላይ፤ አራቱም ቦታ መቀየር አለበት። አንዱ ቦታ ከቀረ እንደዚያች እናት ዓይነት ሰው ይጎዳል።

*ምን ዓይነት መረጃ ይሰበሰባል?*

ብዙ ዝግጁ ፎርሞች «የመጡበት ምክንያት» የሚል ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። ሰው እዚያ ላይ የሚጽፈው ለሐኪም ብቻ የሚነገር ነገር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። ለቀጠሮ የሚያስፈልገው ስም፣ ስልክ፣ የሐኪም ምርጫና ቀን ነው። ያ በቂ ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም፤ ለሚጠብቀውም ወጪ አይወጣም። ፕሮፎርማው ላይ የፎርሙ ሳጥኖች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ይጻፉ። መረጃው ለምን ያህል ጊዜ ተቀምጦ እንደሚጠፋም ይጻፍ። እኔ ቀጠሮው ካለፈ 90 ቀን በኋላ ይጥፋ እላለሁ፤ የሕክምናው መዝገብ ካርዱ ላይ ነውና።

*የሦስት ዓመቱ ወጪና የቁልፉ ባለቤት*

የመጀመሪያው ዋጋ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሆስቲንግ ማለትም የዌብሳይቱ ማስቀመጫ ኪራይ፣ ዶሜይን ማለትም የዌብሳይቱ ስም፣ የፕለጊን ፈቃድና ጥገና በየዓመቱ ይመጣሉ። አብዛኞቹ በዶላር ይከፈላሉ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር እነዚህ ወጪዎች ምን ያህል እንደዘለሉ የከፈለ ያውቀዋል። ስለዚህ ፕሮፎርማው የዓመቱን ወጪ ለብቻው ያሳይ፤ በዶላር የሚከፈለውም የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸናም ይታይ፤ እኔ 15 ቀን እሰጣለሁ።

ቁልፍ የምለው ዶሜይኑን፣ ሆስቲንጉንና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ነው። ሦስቱም በክሊኒኩ ኢሜይል መከፈት አለባቸው። በፍሪላንሰሩ ኢሜይል ከተከፈቱ፣ ልጁ ሥራ አግኝቶ የሄደ ቀን ክሊኒኩ የራሱን ስም መልሶ ለማግኘት ይለምናል። ይህ መስመር ከሌለ በየትኛውም ዋጋ አትፈርሙ።

አማራጭ አንድ፦ የጥያቄ ፎርም

ሁለት ሦስት ገጽ ያለው ዌብሳይት ነው። ሐኪሞቹ፣ ቀኖቻቸው፣ የሚደወልበት ስልክ፣ አድራሻ። ታች ላይ ፎርም አለ። ታካሚው ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚፈልገውን ሐኪምና ቀን ይሞላል። ጥያቄው ካርድ ክፍሏ ዘንድ ይደርሳል። እሷ አጀንዳዋን አይታ ትደውላለች።

በመጀመሪያው መስፈርት ይህ ጠንካራ ነው። ቀጠሮው የሚጸድቀው ተራውን በዓይኗ በምታየው ሰው ነው፤ ስለዚህ ግጭት አይፈጠርም። በሰዓቱም ጉዳይ ቀላል ነው፤ ፎርሙ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብቻ ይጠይቃል፤ የቀረውን በቃል ትነግረዋለች። አጭር መልእክት መግዛት አያስፈልግም።

ድካሙ የሰው ነው። በቀን 12 ጥያቄ ቢመጣና ለአንዱ 3 ደቂቃ ብትደውል 36 ደቂቃ ይሄዳል። ካርድ ክፍሏ ብቻዋን ከሆነች ይህ 36 ደቂቃ ጠዋት ሰልፍ ባለበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ጥያቄው ሳይመለስ ካደረ ደግሞ ዌብሳይቱ ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻላል፤ ሰውየው ቀጠሮ የያዘ መስሎት ይመጣልና። በዚህ ምክንያት ፎርሙ ሲላክ የሚወጣው ጽሑፍ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ቃል በቃል ይስፈር፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል። ቀጠሮ የሚያዘው ስንደውልልዎ ነው።»

በእኔ ፕሮፎርማ ይህ 40 ሰዓት ሥራ ነበር። በሰዓት 600 ብር አስቤ 24,000 መጣ። ሆስቲንግና ዶሜይን በዓመት 12,000፣ ጥገና በወር አንድ ሰዓት ተይዞ በዓመት 7,200። እነዚህ የአንድ ፍሪላንሰር የአንድ ጊዜ ዋጋዎች ናቸው። ሌላ ሰው ሌላ ይላችኋል፤ ስሌቱን ግን በዚህ መልክ ያሳያችሁ።

አማራጭ ሁለት፦ ዝግጁ የቀጠሮ ፕለጊን

ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ የቀጠሮ ፕለጊን ይገጠማል። ታካሚው ክፍት ሰዓቱን ያያል፣ ይነካል፣ ቀጠሮው ይያዛል። ካርድ ክፍሏ በኮምፒውተር የቀኑን ዝርዝር ታያለች።

ዋና ጥቅሙ ሌሊትም ቢሆን ቀጠሮ መያዙ ነው። ሁለት ሰው እኩል ቢነካ ምን እንደሚሆንም አብዛኛውን ጊዜ የታሰበበት ነው። የሚያስቸግረው ከአገራችን ጋር የሚጋጭበት ቦታ ላይ ነው። ፕለጊኑ የተሠራው በፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ነው። ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ፕለጊኑ በታደሰ ቁጥር የተስተካከለው ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ጥገናው በወር ሁለት ሰዓት የሆነው። ፕሮፎርማው ላይ «ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ የቀንና የሰዓት አቀራረብ ይፈተሻል» የሚል ከሌለ፣ አንድ ጠዋት 3:00 ተመልሶ 9:00 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ቦታ ስልክ ቁጥር ነው። አንዳንድ ፎርም በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ይገጠማል። በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ያለው ሰው «የተሳሳተ ቁጥር» ይባላል። ትቶት ይሄዳል፤ እናንተም አታውቁትም።

ሦስተኛው ቀደም ብዬ ያነሳሁት ነው፤ በእግሩ የሚመጣው ታካሚ። ፕለጊን የምትመርጡ ከሆነ የሰዓት ክፍፍሉን ከፊርማ በፊት ወስኑ። ካርድ ክፍሏ አጀንዳውንም ኮምፒውተሩንም እኩል ትሞላለች ብላችሁ አትገምቱ። ሁለት ቦታ የሚጻፍ ነገር አንዱ ቦታ ይረሳል።

80 ሰዓት ሥራ፣ 48,000 ብር። በዓመት ሆስቲንግና ዶሜይን 12,000፣ የፕለጊን ፈቃድ በጊዜው ምንዛሬ ወደ 14,000፣ ጥገና 14,400። አጭር መልእክት ከተፈለገ በመልእክት ብዛት ለብቻው ይታሰባል፤ የሚከፍለውም ክሊኒኩ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ከዜሮ የሚሠራ

እዚህ ሁሉም ነገር ለክሊኒኩ ተብሎ ይጻፋል። የተራ ቁጥር፣ ግማሽ ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰዓት፣ በእግሩ የመጣ ታካሚ በአንድ ንክኪ የሚመዘገብበት ገጽ። ከሥራው አንጻር ካየነው ምርጡ ይህ ነው። ካርድ ክፍሏ አጀንዳውን የምትተወው በዚህ አማራጭ ብቻ ነው።

ጣጣው ከሠሪው ጋር መጣበቁ ነው። ፕለጊን የሚያውቅ ሌላ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ታገኛላችሁ። እኔ ብቻዬን የጻፍኩትን ኮድ ግን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ ለመረዳት ብዙ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የኮዱ ባለቤትነት የክሊኒኩ መሆኑ፣ ሙሉ ኮዱ መረከቡና አጭር የአሠራር ማስታወሻ መጻፉ ይስፈር።

ሁለት ሰው እኩል ሲነካ የሚፈጠረውን ግጭት መከላከልም እዚህ የሠሪው ጫንቃ ላይ ነው። ገጹ ላይ «ይህ ሰዓት ተይዟል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ከጠየቁ ሁለቱም «ባዶ ነው» ይባላሉ። መከልከል ያለበት ዳታቤዙ ራሱ ነው፦

```
UNIQUE (doctor_id, work_date, queue_no)
```

ይህ መስመር ካለ ሁለተኛው ሰው «ይቅርታ፣ አሁን ተይዟል» ይባላል። ባለቤቱ ኮድ ማንበብ አይጠበቅባቸውም። ዝርዝሩ ላይ «ሁለት ሰው አንድ ተራ ሊይዝ አይችልም፤ በርክክብ ቀን በሁለት ስልክ ይፈተሻል» መባሉን ይዩ።

220 ሰዓት፣ 132,000 ብር። ሰርቨርና ዶሜይን በዓመት 18,000፣ ጥገና በወር ሦስት ሰዓት ተይዞ 21,600።

በሰንጠረዥ

| መስፈርት | የጥያቄ ፎርም | ዝግጁ ፕለጊን | ከዜሮ የሚሠራ |
|---|---|---|---|
| የሚያጸድቀው | ካርድ ክፍል በስልክ | ሲስተሙ | ሲስተሙ |
| በእግሩ የመጣን ታካሚ ያውቃል? | አዎ፣ በአጀንዳው በኩል | ሰዓቱ ከተከፈለ ብቻ | አዎ፣ እዚያው ከተመዘገበ |
| የኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት | ብዙ አያስቸግርም | ይስተካከላል፤ በእድሳት ሊበላሽ ይችላል | ከመጀመሪያው ይሠራል |
| የካርድ ክፍል ድካም | በየቀኑ መደወል | ሁለት መዝገብ የመያዝ ስጋት | ኮምፒውተር መልመድ |
| ሠሪው ቢሄድ | ሌላ ሰው በቀላሉ ይረከባል | ሌላ ሰው ይገኛል | መረከቡ ከባድ ነው |
| ማሠሪያ | 24,000 ብር | 48,000 ብር | 132,000 ብር |
| በዓመት | 19,200 ብር | 40,400 ብር | 39,600 ብር |
| በሦስት ዓመት | 81,600 ብር | 169,200 ብር | 250,800 ብር |

ከታች ያለውን መስመር ልብ በሉ። 48,000 ብር የተባለው ሥራ በሦስት ዓመት 169,200 ይሆናል። ዓመታዊ ወጪውም ከዜሮ ከሚሠራው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ይህን ያልጻፈ ፕሮፎርማ ርካሽ ይመስላል።

የቴሌብር ክፍያን ከሦስቱም ያወጣሁት አውቄ ነው። የነጋዴ አካውንት የሚከፈተው በክሊኒኩ ንግድ ፈቃድና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው። ያ ጊዜ በእኔ እጅ አይደለም። ከፈለጋችሁ በሁለተኛ ዙር፣ ለብቻው ዋጋ ይውጣለት። የመጀመሪያው ሥራ በእሱ ምክንያት ተንጠልጥሎ አይቅር።

ለማን የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ሐኪም ካላችሁና አብዛኛው ታካሚ በእግሩ የሚመጣ ከሆነ፣ የጥያቄ ፎርሙን ያዙ። የተረፈውን ብር ለካርድ ክፍሏ ለብቻው ስልክ ግዙበት። ብሩ ቢኖርም ምክሬ ይኸው ነው።

ከሌላ ከተማ በተወሰነ ቀን የሚመጣ ስፔሻሊስት ያላችሁ ክሊኒኮች ለፕለጊኑ ትመቻላችሁ። የእሱ ታካሚዎች አስቀድመው ነው የሚያስቡት። በእግር የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ቦታውም ውስን ነው። እዚያ ላይ ማሽን ቢያጸድቅ ግጭት አይበዛም።

ከዜሮ የሚሠራውን የምመክረው ካርድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው ላለው፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበትና መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ላለው ክሊኒክ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አጀንዳው ተመልሶ ይመጣል።

በጀቱ ከ24,000 በታች ከሆነ ዌብሳይቱን ተዉት። ሐኪሞቹና ቀኖቻቸው የተጻፉበት አንድ የቴሌግራም ቻናልና የሚነሳ ስልክ ከግማሽ ዌብሳይት ይሻላሉ።

ከፊርማ በፊት

የማይካተተው ነገር ለብቻው ይጻፍ። በእኔ ፕሮፎርማ ላይ ፎቶ ማንሳት፣ የኦሮምኛና የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ የላቦራቶሪ ውጤት መላክ፣ የኮምፒውተር ጥገና አይካተቱም። ማስተካከያ ሁለት ዙር ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ የሚመጣ ለውጥ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ በሰዓት ዋጋው ይታሰባል። የሐኪሞቹን ስምና ቀን የሚሰጠው ክሊኒኩ ነው፤ እስኪሰጥ ድረስ የማስረከቢያው ቀን አይቆጠርም። ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱም ይገለጽ። ለታክሱ ያልተመዘገበ ሰው 15 በመቶውን ሊጠይቃችሁ አይችልም።

ክፍያው በሦስት ይከፈል፦ 30 በመቶ ሲጀመር፣ 40 በመቶ ገጹ ለሙከራ ሲከፈት፣ 30 በመቶ ርክክብ ላይ። የመጨረሻው 30 በፈተና ላይ የተመሠረተ ይሁን። ፈተናውን የምትሠራው ደግሞ ካርድ ክፍሏ ናት። ፕለጊን ወይም ከዜሮ የሚሠራ ከሆነ በሁለት ስልክ አንድን ተራ እኩል ትሞክር። በ07 ቁጥር ትመዝገብ። ክሊኒኩ በሚዘጋበት በጥምቀት ቀን፣ ጥር 11፣ ቀጠሮ ለመያዝ ትሞክር፤ ሊቀበላት አይገባም። ጳጉሜን 5ን እና መስከረም 1ን ትሞክር፤ ፕሮግራሞች የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ኢንተርኔቱን ታጥፋ። የዕለቱ ዝርዝር ጠዋት በወረቀት ታትሞ እጇ ላይ ከሌለ ሥራው አላለቀም። በመጨረሻም አንድ ቀጠሮ ብቻዋን ትሰርዝ፤ እኔ ሳልነግራት።

የምሳሌያችን ክሊኒክ የጥያቄ ፎርሙን መረጠ። ዶክተር መጀመሪያ ከዜሮ የሚሠራውን ነበር የፈለጉት። ካርድ ክፍሏ ናት ያስቀየረቻቸው። «ዶክተር፣ መጀመሪያ ማን እንደሚጠይቅ እንወቅ» አለቻቸው። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ ለሦስት ወር የሚመጣው ጥያቄ በሐኪምና በቀን ይቆጠራል፣ ከዚያ ወደ አማራጭ ሁለት መሄድ ቢፈለግ ከተከፈለው ላይ ገጾቹ የወሰዱት 20 ሰዓት፣ ማለትም 12,000 ብር ይታሰባል።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ቆጠራውን አብረን አየነው። ለጠቅላላ ሐኪሙ የመጣው ጥያቄ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለሕፃናቱ መጠነኛ ነው። አብዛኛው ለቅዳሜው ሐኪም ነበር። ፕለጊኑን ለቅዳሜ ብቻ ገጠምነው፤ በግማሽ ቀን፣ በተራ ቁጥር። የቀሩትን ቀኖች እስከ ዛሬ እየደወለች ትይዛለች።